የላይኛው ከንፈርሽ ስስ አይደለም፦ ከንፈርን ከፎቶ ማንበብ፣ ጠርዙንና ቀለሙን መምረጥ

ጥያቄ፦ «በሚቀጥለው ወር ሚዜ ነኝ። ጠይም ነኝ። የላይኛው ከንፈሬ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ የታችኛው መሃሉ ሮዝ ነው። ሰልፊዬን አጉልቼ በማስመሪያ ስለካው የላይኛው 8፣ የታችኛው 16 ሚሊሜትር ሆነ። ትክክለኛው 1 ለ 1.6 ነው ስለሚባል የላይኛውን ከጠርዙ አውጥቼ በእርሳስ እስለዋለሁ። በግራ በኩል ዝቅ ስለሚል እሱን ደግሞ ይበልጥ ከፍ አደርገዋለሁ። ኒውድ ሊፕስቲክ ስቀባ ግን አመድ የነካኝ እመስላለሁ። ሰልፊውንና እህቴ ያነሳችኝን ፎቶ ልኬልሻለሁ። የከንፈሬን ቅርጽ ንገሪኝ፤ ምን ዓይነት ቀለምና አሳሳል እንደሚሆነኝም ምረጪልኝ።»

የላይኛው ከንፈርሽ ስስ አይደለም። ስስ ያስመሰለው ሰልፊው ነው። እህትሽ ያነሳችውን ፎቶ በዚያው በማስመሪያ ስለካው የላይኛው 12፣ የታችኛው 15 ሆነ። ይህ 1 ለ 1.25 ነው። ሁለቱም ከንፈሮችሽ ሙሉ ናቸው፤ የታችኛው የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። እስካሁን በእርሳስ ስትሞዪው የቆየሽው የሌለ ጉድለት ነው ማለት ነው። ሚሊሜትሩን ራሱን ደግሞ እርሺው። ፎቶውን ባጎላሽው ቁጥር ይለወጣል። ከፎቶ ላይ የሚወሰደው የአንዱ ከሌላው ጋር ያለው ምጣኔ ብቻ ነው።

አንድ ሰው በሁለት ፎቶ ሁለት ዓይነት ከንፈር እንዴት ሊኖረው ይችላል? በመስታወት ፊት ቆመሽ ከንፈርሽን ከጎን ተመልከቺው። የላይኛው ከንፈር ገጹ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። የታችኛው ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። ሰልፊ ስትነሺ ስልኩን ከግንባርሽ ከፍ አድርገሽ ይዘሽ ነበር። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ሲያይ የላይኛው ከንፈር ገጹን ይደብቅበታል፣ የታችኛው ግን ሙሉ በሙሉ ይታየዋል። ስልኩን ከአገጭ ሥር ብትይዢው ተቃራኒው ይሆናል፤ የላይኛው ያብጣል፣ የታችኛው ይቀጥናል። ሁለቱም ያንቺ መልክ አይደሉም።

ብርሃኑም ይህንኑ ያባብሰዋል። የጣሪያ አምፖል ከላይ ስለሚወርድ የታችኛው ከንፈር ያበራል፣ የላይኛው ጥላ ውስጥ ይገባል። የላይኛው ከንፈርሽ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ስለሆነ ጥላው ሲጨመርበት ጠርዙ ከቆዳሽ ጋር ይደባለቃል። ማስመሪያሽ የቆመው እውነተኛው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ጥላው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሰልፊው ላይ ፈገግ ብለሻል። ፈገግታ አፍን ወደ ጎን ይለጥጣል፣ ከንፈሩንም ያሳሳዋል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚሳሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ነው።

ርቀትም አለ። ስልክ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ የፊት መሃል፣ ማለትም አፍንጫና አፍ፣ ከጆሮና ከጉንጭ ጋር ሲነጻጸር ገዝፎ ይወጣል። ይህ የሌንሱ ጉድለት አይደለም። ለካሜራው የቀረበው ነገር ሁልጊዜ ይተልቃል። ስለዚህ «አፌ ለፊቴ ትልቅ ነው፣ ወይስ ትንሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሰልፊ ፈጽሞ መልስ ሊሰጥሽ አይችልም።

አሁን ወደ ግራና ቀኙ ልምጣ፤ እዚህ ጋ የሠራሽው ስህተት ከምጣኔው ይብሳል። በሰልፊው ላይ ዝቅ ያለው ጎን በምስሉ ግራ በኩል ይታያል። አንቺም «ግራዬ ነው» ብለሽ የግራውን ከፍ አደረግሽ። ግን ቲሸርትሽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተመልከቺ። ፊደሉ በትክክል ይነበባል። ያ ማለት ስልክሽ ፎቶውን ያስቀመጠው እንደ መስታወት ገልብጦ ሳይሆን ሌላ ሰው እንደሚያይሽ አድርጎ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፎቶ የምስሉ ግራ ያንቺ ቀኝ ነው። የእህትሽም ፎቶ ይህንኑ ያሳያል። ዝቅ ያለው የቀኝሽ ጎን ሆኖ ሳለ አንቺ ከፍ ስታደርጊ የነበረው የግራውን፣ ያም ቀድሞውኑ ከፍ ያለውን ነው። ልዩነቱን አጥፍተሽ ሳይሆን አስፍተሽ ነበር።

አንዳንድ ስልኮች የፊት ካሜራውን ፎቶ ገልብጠው ያስቀምጣሉ፣ አንዳንዶቹ መልሰው ያቀኑታል። የሚወሰነው በሴቲንጉ ነው። ስለዚህ በግምት አትሂጂ። ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የቫዝሊን ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፣ ከአገጭሽ አጠገብ ይዘሽ ተነሺ። ጽሑፉ ተገልብጦ ከወጣ ፎቶው መስታወት ነው። ቀና ብሎ ከተነበበ ሌላ ሰው የሚያይሽ ዓይነት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ፎቶ ማንሳት ከባድ አይደለም። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃ በስልኩ የኋላ ካሜራ ታንሳሽ። ትንሽ ከታየሽ ዙሙን ወደ ሁለት እጥፍ ታድርገው እንጂ አትጠጋ። የስልኩ ቁመት ከአፍሽ ጋር እኩል ይሁን። አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪ፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይምታሽ። የክፍሉን መብራት አጥፊው። ቢውቲ የሚባለውን ማለስለሻም እንዲሁ አጥፊው። በብዙ ስልኮች ላይ ሳትነኪውም በርቶ ስለሚጠብቅ ይህን ማየት አትርሺ። ጠርዝ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱ ነው።

ከንፈርሽ ላይ ምንም አይኑር፤ ቅባትም ቢሆን። ሁለት ፎቶ ያስፈልግሻል። አንዱ ከንፈሮችሽ ሳይጫኑ ተነካክተው፣ ጥርስ ሳይነከስ፣ ፊት ላልቶ። ሌላው እንደምትስቂው ሆነሽ። ቅርጹን የምታነቢው ከመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሚያገለግለው በኋላ ላይ የሳልሽው መስመር ስትስቂ የት እንደሚሄድ ለማየት ነው።

ከንፈርን ለሌላ ሰው ስትገልጪ «ወፍራም ነው»፣ «ስስ ነው» ማለት ምንም አይጠቅምም። ያንቺ ወፍራም ለሌላዋ መካከለኛ ነው። እኔ ሁሌም ከስፋቱ እጀምራለሁ። ቀጥታ ወደ ካሜራ እያየሽ ከሆነ ከዓይንሽ ጥቁር ክብ ውስጠኛው ጫፍ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ ከሚያደላው በኩል፣ ወደ ታች መስመር አውርጂ። የአፍሽ ጥግ እዚያ መስመር አካባቢ ካረፈ ስፋቱ መካከለኛ ነው። ወደ ውስጥ ከቀረ ጠባብ፣ ወደ ውጭ ካለፈ ሰፊ ነው። ያንቺ በሁለቱም በኩል በትንሹ አልፎ ይሄዳል። ሰፋ ያለ አፍ ነው ያለሽ።

ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። እሱን ከላይ አይተነዋል። ከዚያ የላይኛው ከንፈር መሃል። ከአፍንጫ ሥር የሚወርደው ቦይ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሁለት ጫፎችና በመካከላቸው ሰርጎድ ያለ ቦታ አለ። አንዳንዱ ሰው ላይ ይህ እንደ ጥርት ያለ የወፍ ክንፍ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አንድ ለስላሳ ቅስት ብቻ ነው። ያንቺ ጫፎች ክብ ናቸው፣ ስርጉዱም ጥልቅ አይደለም። የቀኙ ጫፍ ከግራው በጣም በትንሹ፣ በእርሳስ መስመር ውፍረት ያህል፣ ዝቅ ይላል። ከዚያ የአፍ ጥጎቹን አያለሁ። ያንቺ ቀጥ ብለው ነው የሚያልቁት፤ ወደ ታች አይወድቁም። የታችኛው ከንፈርሽ ክብደቱ መሃል ላይ ነው፣ ወደ ጥጎቹ ሲሄድ ቶሎ ይሳሳል።

በመጨረሻ ጠርዙ ራሱ። ቆዳና ከንፈር በሚገናኙበት መስመር ላይ ፈዘዝ ብሎ ብርሃን የሚይዝ፣ ክር የሚያክል ጉብታ አለ። በጣትሽ ብትዳስሺው ይታወቅሻል። የከንፈርሽ እውነተኛ ድንበር እሱ ነው፤ ቀለሙ የሚቀየርበት ቦታ አይደለም። እኛ ጠይሞቹ ላይ የከንፈር ጠርዝ ጥቁረት አንዳንዴ ከጉብታው ቀድሞ፣ አንዳንዴ ደግሞ አልፎ ያልቃል። በቀለሙ የምትመራ ሰው በአንዱ በኩል ወደ ውስጥ፣ በሌላው ወደ ውጭ ትስላለች። በጉብታው የምትመራ አትሳሳትም።

ስለዚህ ያንቺ ከንፈር በጽሑፍ ሲገለጽ እንዲህ ይሆናል። «አፏ ሰፋ ያለ ነው። ሁለቱም ከንፈር ሙሉ፣ ምጣኔው 1 ለ 1.25። የላይኛው ጫፎች ክብ፣ የቀኟ በጥቂቱ ዝቅ ያለ። ጥጎቹ ቀጥ ያሉ። የታችኛው መሃሉ ወፍራም፣ ጎኖቹ ስስ። ጠርዙ በጉብታ የሚታወቅ፣ በቀለም ግን የላይኛው ከቆዳ ጋር የሚቀላቀል።» ይህን በስልክሽ ጽፈሽ ያዢው። የሠርጉ ቀን የምትሠራሽ ሜካፕ አርቲስት ማንም ትሁን፣ ይህ ከ10 ፎቶ ይበልጥ ይጠቅማታል።

1 ለ 1.6 የሚለውን ግን ከዚህ ውስጥ አውጪው። ቁጥሩ ወርቃማ ምጣኔ ከሚባለው የመጣ ነው። በውበት ትምህርት ውስጥ ሲደጋገም የኖረው በአብዛኛው የነጮችን ፊት መነሻ አድርጎ ነው። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ሁለቱ ከንፈሮች ለእኩል የቀረቡ መሆናቸው የተለመደ ነው። ያንቺ 1.25 በዚህ መካከል የሚገኝ ምንም እርማት የማይጠይቅ ምጣኔ ነው። በዚያ ላይ ስሌቱን ተከተዪው፦ የላይኛውን ከጠርዙ አውጥተሽ ስታሰፊው ወደ 1 ለ 1.6 አልቀረብሽም፤ ራቅሽ። የላይኛው ከታችኛው ጋር እኩል ሆነ፣ አንዳንዴም በለጠው። በሠርግ ፎቶ ላይ አንዳንድ ሚዜዎች «አፏ አብጧል» የሚያሰኛቸው ይህ ነው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ፎቶውን አስቀምጪው። ፎቶ ቅርጽን በደንብ ይነግርሻል፣ ቀለምን ግን ይዋሻል። ስልክ ያየውን ቀለም እንዳለ አያስቀምጥም፤ እንደ ብርሃኑ እየገመተ ያስተካክለዋል። ቢጫ አምፖል ሥር ሮዙን ወደ ብርቱካን ይወስደዋል። የእህትሽን ፎቶ ተመልከቺ፤ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰሻል። ስልክ ብዙ ነጭ ሲያይ ምስሉን ያጨልመዋል፣ ፊትሽም አብሮ ይጠቁራል። ነጠላው ደግሞ ከሥር ብርሃን እየመለሰ የላይኛውን ከንፈርሽን ያነጣዋል። ከዚህ ፎቶ «ይህ ቀለም ይሆንሻል» የምትል ሴት ካለች እየገመተች ነው።

ቀለሙን ከራስሽ ከንፈር ነው የምታነቢው። ጠዋት መስኮት ዳር፣ የእጅ መስታወት ይዘሽ፣ ነጭ ወረቀት ከአገጭሽ ሥር አድርጊ። ወረቀቱ ዓይንሽ ነጭ ምን እንደሆነ እንዳይስት ይረዳዋል። ሦስት ነገር ፈልጊ። የላይኛው ከንፈር ከፊትሽ ቆዳ ምን ያህል ይጠቁራል? የታችኛው መሃል ምን ዓይነት ሮዝ ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል ወይስ ወደ ብርቱካን? ጥቁረቱ በታችኛው ከንፈር ጠርዝ ላይም አለ ወይስ የለም? በጽሑፍሽ «መሃሉ ሮዝ ነው» ስላልሽ ጠርዙ ቡናማ ነው ብዬ እወስዳለሁ። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ ይቀልልሻል።

ሊፕስቲክ ነጭ ግድግዳ ላይ አይቀባም። ከሥሩ ያለው ቀለም ሁልጊዜ ይሳተፋል። ስስ ሽፋን ያለው ሊፕስቲክ ባንቺ ከንፈር ላይ ሁለት ሊፕስቲክ ይሆናል፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሌላ። የእጅ ጀርባ ላይ ሞክሮ መግዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። እጅሽ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማም ሮዝም የለም።

አመዱ የሚመጣው ግን ከዚህ ብቻ አይደለም። ፈዛዛ ኒውድ ሊፕስቲኮች ቀለማቸው የሚፈዝዘው ነጭ ቀለም፣ በተለይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት፣ በብዛት ስለሚገባባቸው ነው። ነጭ ዱቄት ቡናማ ላይ ሲነጠፍ የሚሰጠው ግራጫ ነው። ከላይኛው ከንፈርሽ ላይ የምታዪው ያ ነው። ብዙ ሜካፕ አርቲስቶች ደግሞ ከሊፕስቲኩ በፊት ከንፈሩን በፋውንዴሽን ወይም በኮንሲለር ይሸፍኑታል። ያ ሁለተኛ ፈዛዛ ንጣፍ ይሆናል። ኒውድ ማለት ያንቺን ቆዳ የሚመስል ማለት ነው እንጂ ዕቃው ላይ ኒውድ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ አይደለም። ያንቺ ኒውድ ከፊትሽ ቆዳ ትንሽ የሚጠቁር፣ ቡናማ የገባበት ሮዝ ነው። ሁለቱን ከንፈሮችሽን አቀላቅለሽ ብታዪው የሚወጣው ቀለም ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ስልኩ በአንድ ነገር ይረዳሻል። ሊፕስቲኩን ተቀቢና መስኮቱ ዳር ተነሺ። ከዚያ ኤዲት ውስጥ ገብተሽ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁረትና ንጣት ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ስልክ ብዙም አያሳስትም። ከንፈርሽ ከፊትሽ ይበልጥ ነጥቶ ከታየ ወይም ከፊትሽ ጋር ተዋህዶ ከጠፋ አመድ የምትዪው እሱ ነው። ሊፕስቲኩን መልሺው። ከፊትሽ በጥቂቱ ጠቁሮ ከታየ የቀን ቀለምሽ ነው። በግልጽ ከጠቆረ የሠርግ ቀለምሽ ነው።

ያሉሽ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሁለቱን ቀለሞች እንዳሉ መተው፣ ዙሪያውን በቡናማ እርሳስ ስሎ መሃሉን በግሎስ ብቻ ማብራት ነው። ተፈጥሮሽ ግማሹን ሥራ ስለሠራልሽ በጣም ያምርብሻል፤ ግን ግሎስ በሠርግ ቀን ከበላሽና ከጠጣሽ በኋላ አይኖርም። ሁለተኛው ሁሉንም የሚሸፍን ጥቁር ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ቀይ ማት መቀባት ነው። ሁለቱ ቀለሞች ይጠፋሉ። ችግሩ ጥቁርና ደረቅ ቀለም ከንፈርን ያሳንሳል፣ ትንሿንም የመስመር ስህተት ያሳያል። አፍሽ ሰፋ ስለሚል ጠርዙን ጥጉ ድረስ በደማቅ ቀይ መያዝ ከፊትሽ ላይ መጀመሪያ የሚታየው አፍሽ ብቻ እንዲሆን ያደርገዋል። ሙሽራዋን ካላስቀየመ በቀር ክልክል አይደለም። ለሚዜነት ግን አልመርጥልሽም።

የምመርጥልሽ ሦስተኛውን ነው፦ የታችኛውን ወደ ላይኛው ማቅረብ። የላይኛውን ማንጣት አይደለም፤ አመዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የላይኛው ከንፈርሽን ጠርዝ የሚመስል ቡናማ እርሳስ ግዢ። ማክ የሚያወጣው ቼስትነት የሚባለው ጥቁር ቡናማ እርሳስ በጥቁር ሴቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ስሙ ግን ግዴታ አይደለም፤ ገበያ ላይ ያገኘሽው ማንኛውም ቡናማ ጠርዝሽ ላይ ስትሰምሪው ጎልቶ የማይለይ ከሆነ ያው ነው። ጎልቶ ከለየ በጣም ጠቁሯል። ወደ ቀይ ወይም ብርቱካን ካደላ ደግሞ ከላይኛው ጋር አይገጥምም።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ቫዝሊን ቀብተሽ 10 ደቂቃ ያህል ተዪው፤ ከዚያ በሶፍት አጥርተሽ ጥረጊው። ቅባት ከቀረ እርሳሱ ይንሸራተታል። እርሳሱ የተቀረጸ ይሁን። ከግራው ጫፍ ጀምሪና በጉብታው ላይ እንጂ ከእሱ ውጭ ሳትወጪ ሳይው። ለቀኙ ጫፍ ብቻ የጉብታውን የላይ ጠርዝ ተጠቀሚ። ጭማሪው የአንድ እርሳስ መስመር ውፍረት ነው፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ እኩል መሆናቸውን በዓይንሽ አትገምቺ፤ እርሳሱን አግድም ይዘሽ ከሁለቱ ጫፎች በላይ አስጠጊው፣ ዝቅ ያለው ወዲያው ይለያል።

ከታች መሃሉ ላይ በጉብታው ሂጂ። ጎኖቹ ቶሎ ስለሚሳሱ እዚያ ላይ በጥቂቱ፣ ያው በእርሳስ መስመር ያህል፣ ልታወጪው ትችያለሽ። ጥጎቹን ግን አትንኪ። መስመርሽ ከአፍ ጥግ በፊት በጣም በትንሹ ያቁም። ጥግ ላይ የወጣ እርሳስ ስትናገሪና ስትስቂ ተጨማድዶ ይቆሽሻል፣ ሰፊ አፍንም የበለጠ ይለጥጠዋል። የፈገግታ ፎቶሽን አሁን አውጪውና መስመሩ ስትስቂ ከጉብታው ወጥቶ እንደሆነ ተመልከቺ።

ከዚያ በዚያው እርሳስ ውስጡን ሙይው። የላይኛውን በስሱ፣ የታችኛውን ሮዝ በደንብ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ቢሳሳ ጥሩ ነው። አሁን ሁለቱ ከንፈሮች ወደ አንድ ቀለም ተጠግተዋል። ከላይ ቡናማ የገባበት ጠቆር ያለ ሮዝ ሊፕስቲክ በብሩሽ ቀቢ። ዓይነቱ ፍጹም ማት ያልሆነ፣ ትንሽ ወዝ ያለው ይሁን። በሶፍት አንድ ጊዜ ጫን ጫን አድርጊና ድገሚው። የእርሳሱና የሊፕስቲኩ ድንበር ለብቻው ከታየ በጣትሽ ወይም በብሩሹ ወደ ውስጥ ሳቢው።

ውስጡን መሙላቱን «ጊዜ የለኝም» ብለሽ እንዳትዘይው። ዶሮ ወጥ ስትበዪ ቅቤው ሊፕስቲኩን ከመሃል ያነሳዋል፣ ጠርዙ ይቀራል። እርሳስ በዙሪያው ብቻ ከሆነ የሚቀርልሽ ባዶ ቡናማ ክብ ነው፤ ያንን ደግሞ ካሜራው በደንብ ይይዘዋል። ውስጡ ከተሞላ ሊፕስቲኩ ቢሄድም ከንፈሩ ቀለም አለው።

ይህ ሁሉ የማያደርገውን ልንገርሽ። አንድ ሚሊሜትር የሚሞላ እርሳስ ከፊት ለፊት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ከጎን ሲታይ ግን መስመሩ ከጉብታው ውጭ፣ ቆዳ ላይ መሆኑ ይለያል። ሠርግ ላይ ደግሞ ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ያይሻል፣ ቪዲዮም አለ። ስለዚህ ቅርጽን በእርሳስ መቀየር አይቻልም፤ ማስተካከል ብቻ ነው የሚቻለው። ያንቺ ደግሞ ከአንድ ጫፍ በቀር መስተካከል አያስፈልገውም።

ጥቂት ነገሮች ላይ ተጠንቀቂ። ሱቅ ውስጥ ለመሞከሪያ የተቀመጠ ሊፕስቲክ ቀጥታ ከንፈርሽ ላይ አታድርጊ። የከንፈር ላይ ውሃ ቋጠሮ፣ ብዙዎች ምች የሚሉት፣ በቀላሉ የሚተላለፍ ነው። የሚጣል ማንኪያ ወይም ጥጥ ያለው እንጨት ጠይቂ፣ ከሌላቸውም አትሞክሪ። የተሰነጠቀ ወይም የሚላጥ ከንፈር ላይ ማት አትቀቢ። በበጋ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ከንፈርን ስለሚያደርቅ ከሠርጉ ሳምንት በፊት ጀምረሽ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀቢ፣ በጥርስሽም አትላጪው።

የላይኛው ከንፈርሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠቆር ያለ ከሆነ ተፈጥሮሽ ነው፤ ለማንጣት የሚሸጥ ክሬም አያስፈልግሽም፣ አትግዢም። በቅርብ የመጣ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ የሚሰፋ ነጭ ቦታ፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት የማይድን ቁስል ወይም ድንገት መደብዘዝ የጀመረ ጠርዝ ካየሽ ግን በሊፕስቲክ አትሸፍኚው፣ የቆዳ ሐኪም ይየው። በቀድሞ ፎቶዎችሽ እኩል የነበረ የአፍ ጥግ በድንገት ከወደቀ ደግሞ የሜካፕ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ። ያንቺ የቀኝ ጫፍ ይህን አይመለከትም። ሁለቱም ፎቶዎችሽ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ጥጎችሽም እኩል ናቸው።

ከሠርጉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ሙሉውን ተቀቢና ልክ እንደ ምሳ ሰዓቱ ብዪ፣ ጠጪ። ከዚያ እህትሽ በመስኮት ብርሃን አንድ፣ ማታ በፍላሽ አንድ ታንሳሽ። ፍላሽ ቀለምን ስለሚያፈዝዝ በቀን ልክ የሆነው ሮዝ ማታ ከጠፋብሽ በአንድ ደረጃ የሚጠቁረውን ውሰጂ፤ እርሳሱ ግን ያው ይሁን። ለሜካፕ አርቲስቷ ከላይ የጻፍኩልሽን መግለጫ ስታሳዪያት ሁለት ነገር ጨምሪላት፦ ከንፈሬን ፋውንዴሽን አትቀቢብኝ፣ የግራውን ጫፍ ከፍ አታድርጊብኝ።